ሥራ ላጣች ጓደኛ፦ በፖስታ ይሰጣት ወይስ በዕቃ? (ክርክር)

ጠያቂዋ፦
አሥር ዓመት የማውቃት ጓደኛችን ግራፊክ ዲዛይነር ነበረች፤ ከዘጠኝ ቀን በፊት ከሥራ ተቀነሰች። እኔና ሌሎች ሁለት ጓደኞቿ ገንዘብ አዋጥተናል። አንዷ በፖስታ አድርገን እንስጣት ትላለች፣ ሌላው ደግሞ የሚያበረታታ መጽሐፍና ጥሩ ማስታወሻ ደብተር እንግዛላት ይላል። እኔ ሁለቱም እንዳያሳፍሯት እፈራለሁ። እንዳዘንንላት ሳይሰማት ምን ብንሰጣት ይሻላል?

በፖስታ ይሰጥ ባይ፦
ጥሬ ገንዘብ ያሳፍራል የሚለው ስጋት ደመወዙ ያልተቋረጠበት ሰው ስጋት ይመስለኛል። የቤት ኪራይና የስልክ ክፍያ የሰው ስሜት እስኪረጋጋ አይጠብቁም። ዕቃ የሚሰጥ ሰው ለተቀባዩ የሚበጀውን እሱ ራሱ ይወስናል፤ ገንዘብ የሚሰጥ ግን ውሳኔውን ለባለጉዳዩ ይተዋል፤ ሰውን ማክበር ማለት ለእኔ ይኸኛው ነው። ስለዚህ ያዋጣችሁትን ዛሬውኑ ስጧት፤ መጠኑ በበዛ ቁጥርም እፎይታዋ ይበዛል።

ማስታወቂያ አሳሽ፦
እኔ በየዕለቱ የሥራ ማስታወቂያ እከታተላለሁ። የጓደኛዎን ሲቪና የሥራ ልምዷን ቢልኩልኝ ለዲዛይነር የሚሆኑ ክፍት ቦታዎችን በሙሉ ሰብስቤ እልክላታለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ያለ አይመስለኝም።

ጠያቂዋ፦
ስለ ቅን ሐሳብዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ሲቪዋን ሳትፈቅድልኝ ለማንም መላክ አልችልም። ሥራ እንድናፈላልግላትም እስካሁን አልጠየቀችንም።

የቀድሞ የሰው ሀብት ሠራተኛ፦
በሰው ሀብት ክፍል ስሠራ የስንብት ደብዳቤ ከሚሰጡት መካከል አንዷ ነበርኩ፤ ስለዚህ ስለ መጽሐፉና ስለ ፖስታው ከመከራከራችን በፊት በመጨረሻው ቀን ከሰውየው እጅ ምን እንደሚወጣ ብናስብ እወዳለሁ። ሠራተኛው የመልቀቂያ ቅጹን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ላፕቶፑን፣ መታወቂያውንና የመሥሪያ ቤቱን ሲም ካርድ ያስረክባል፤ ኢሜይሉም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይዘጋል። ደመወዙ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። ያለ ላፕቶፕ፣ ያለ ሥራ ኢሜይልና ያለ ደንበኞቹ ስልክ ቁጥሮች እንደቀረ ግን እሱ ራሱ የሚገነዘበው ቤቱ ገብቶ የሆነ ነገር ሊሠራ ሲቀመጥ ነው። የግል ሒሳቦቹን በሥራ ኢሜይሉ ከፍቶ ከነበረ ደግሞ የይለፍ ቃል በጠፋበት ቀን መግቢያ ያጣል።

ለግራፊክ ዲዛይነር ይህ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ለሥዕልና ለቪዲዮ የሚበቃ አቅም ያለው ኮምፒውተርና የዲዛይን ሶፍትዌሩ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የድርጅቱ ናቸው። የሥራ ናሙናዎቿም እዚያው ቀርተው ይሆናል። በነገራችን ላይ እነዚያን ፋይሎች ከሥራ ባልደረቦቿ በስውር ላስመጣላት ብለው እንዳያስቡ፤ ሥራዎቹ የድርጅቱ ወይም የደንበኛው ሊሆኑ ስለሚችሉ ችግሩ በእሷ ላይ ይወድቃል። ለሕዝብ የወጡትን ለናሙና ለማሳየት ራሷ በጽሑፍ ፈቃድ ብትጠይቅ ይሻላል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ ዕረፍት ክፍያና ካለ የስንብት ክፍያ የሚከፈለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ኪሱ የሚሳሳው በዘጠነኛው ቀን ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ነው። ሁሉም ወዳጅ ግን የሚሰጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በሦስተኛው ወር ስልኩ ዝም ይላል።

በፖስታ ይሰጥ ባይ፦
የስንብት ክፍያ ለሚከፈለው ሰው ያሉት ትክክል ነው። ወር እስከ ወር የምትኖር፣ ወይም በኮንትራት ስትሠራ ቆይታ ያለ ምንም ክፍያ የተሰናበተች ብትሆንስ? ያን ጊዜ ሦስተኛው ወር ድረስ መጠበቅ ጭካኔ ነው።

የቀድሞ የሰው ሀብት ሠራተኛ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ስለዚህ መገመት ትቶ መጠየቅ ይገባል። ሆኖም «ምን ልርዳሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ይህን የተጠየቀ ሰው «ምንም፣ ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ሁለት የተወሰኑ ነገሮችን አስቀምጠው «ከእነዚህ የቱ ይቅደም?» ቢሏት ግን መምረጥ እንጂ መለመን አይሆንባትም። ለምሳሌ ላፕቶፕ ወይስ የአንድ ወር ኪራይ።

ሥራ አጥቼ የነበርኩ፦
የሆነብኝን ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት ከሒሳብ ሠራተኝነት በተሰናበትኩ በመጀመሪያው ሳምንት አራት መጻሕፍት ተሰጡኝ፤ አራቱም ስለ ጽናት የተጻፉ ነበሩ፤ በሁለቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይም «ለበጎ ነው» የሚል ተጽፎባቸዋል። ሰጪዎቹ እንደሚወዱኝ አልጠራጠርም። ነገር ግን ለበጎ መሆኑን የምናገር ሰው ካለ እኔ ነኝ እንጂ ደመወዙን በወሩ መጨረሻ የሚቀበል ወዳጄ አይደለም። መጻሕፍቱን ባየሁ ቁጥር ሰዎች እኔን ሲያስቡ የሚታያቸው ያ የስንብት ደብዳቤ ብቻ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ማስታወሻ ደብተርም እንደዚሁ ነው፤ ባዶ ገጹ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብሎ ይጠይቃል።

የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሥራ ላይ ሳለሁ ረቡዕ ረቡዕ እንዋኝ ነበር። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ክፍያውን ለመቆጠብ ቀረሁ። እሱ የሁለታችንንም የሦስት ወር ክፍያ ከፍሎ «ረቡዕ በተለመደው ሰዓት እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ልቆጣ ነበር። «ብቻዬን መዋኘት ሰልችቶኛል» ሲለኝ ግን እውነቱን መሆኑን ስላወቅሁ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሥራ አገኘህ ወይ ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀኑን የማውቀው ረቡዕ ብቻ ነበር።

ጥናት አንባቢ፦
ቀኑን የማውቀው ረቡዕ ብቻ ነበር ያሉት በጣም የቆየ ጥናት አስታወሰኝ። በኦስትሪያ ማሪየንታል በተባለች መንደር ነዋሪው ሁሉ የሚተዳደርበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘግቶ ሰዉ ሥራ ሲያጣ፣ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ኑሮውን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1933 አሳትመውት ነበር። ሰዉ ከበፊቱ እጅግ የበዛ ጊዜ አግኝቶ ሳለ፣ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ጨመረ እንዳይሉ ቀነሰ፤ ብዙዎቹ ወንዶችም ሰዓት መያዝ ትተው ነበር። ያሆዳ ከጊዜ በኋላ እንዳስረዳችው፣ ሥራ ከደመወዙ ሌላ ቀኑን በሰዓት ይከፋፍላል፣ ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋርም ያገናኛል። መጽሐፍ የሚሰጠው ወዳጅ አሁን ጊዜ ስላላት ታነባለች ብሎ ያስባል፤ እንደማየው የጎደለው ጊዜ ሳይሆን የጊዜው ቅርጽ ነው።

ሌላም አለ። ናያል ቦልገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ለጥብቅና ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችንና የኑሮ አጋሮቻቸውን በየዕለቱ እየጠየቁ ተከታትለዋል። አጋራቸው ረዳኋቸው ያለው፣ እነሱ ግን ያላስተዋሉት ድጋፍ የመከፋት ስሜታቸውን ሲያቀልል፣ እንደ እርዳታ የታያቸው ግን እንዲያውም ዋጋ ያስከፈላቸው ሆኖ ተገኝቷል። አብሮዎት የሚዋኘው ጓደኛዎ የሠራውም ይህንኑ ይመስለኛል።

በፖስታ ይሰጥ ባይ፦
እንደዚያ ከሆነ እኔም ሐሳቤን ላሻሽል፦ ሳታውቅ ኪራይዋን በቀጥታ ለአከራይዋ ክፈሉላት። ያልታየ እርዳታ ከሆነ አያሳፍርም።

የቀድሞ የሰው ሀብት ሠራተኛ፦
ይህ ከፖስታው የባሰ ይሆናል። አከራይዋ ሥራ ማጣቷን ያልሰማ ከሆነ እናንተ ነገራችሁት ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ወር ልትከፍል ስትሄድ ደግሞ ተከፍሎልሻል ይላታል፤ ያኔ እናንተ ከእሷ ይልቅ ከአከራይዋ ጋር ስለ ኑሮዋ እንደተነጋገራችሁ ትረዳለች። እርዳታን እንዳይከብድ አድርጎ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ጀርባ በጉዳዩ መግባት ግን ሌላ ነው። አብሮ የሚዋኘው ጓደኛ ክፍያውን አልደበቀም፤ እሱ ራሱም የሚሄድበት ስለነበረ እርዳታ አልመሰለም።

ሥራ አጥቼ የነበርኩ፦
ቢሆንም ሁሉም ሰው እንደ እኔ አይደለም። በዚያው ወቅት ከእኔ ጋር የተሰናበተች ባልደረባዬ «አብረን እንሂድ» የሚሏትን ሁሉ ትሸሽ ነበር፤ እሷን የረዳት ፖስታ ነው፤ ይህንንም በግልጽ ተናግራለች።

ጠያቂዋ፦
ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሁለቱን ምርጫዎች ራሴ በስልክ አቀረብኩላት። ትንሽ ዝም ብላ «ላፕቶፑ» አለች፤ ለካ ለአንድ ድርጅት የሚላክ ናሙና በስልኳ ልትሠራ ሁለት ሌሊት ስትታገል ቆይታለች። አዲስ እንግዛ ስንላት እንቢ አለች። በመጨረሻም አንደኛዋ ጓደኛችን ሁለት ዓመት የሠራችበትን ላፕቶፕ አዋሰቻት፤ እኛም ባዋጣነው ገንዘብ የማስታወሻ አቅሙን አሳደግንለት፣ የዲዛይን ሶፍትዌሩንም የሦስት ወር ክፍያ ከፈልን። «መቼ ልመልስ?» ስትለን «ሲመችሽ» ብለን ነበር፤ እሷ ግን ቀን ካልተቆረጠለት አልቀበልም ብላ የስድስት ወር ቀን በወረቀት ጻፈች። እኔ ቀን አለመቁረጥ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

መጽሐፉ ቀርቷል፤ በካርዱም ላይ ስለ ሥራ አንድ ቃል አልጻፍንም። የተረፈውን ገንዘብ ግን ገና አልተስማማንበትም፤ አንዷ እስከ ሦስተኛው ወር እኛ ጋ ይቆይ ትላለች፣ ሌላው አሁኑኑ ይሰጣት ይላል።

ሌላም ያልቆረጥኩት ነገር አለ። ወንድሜ ለሚከፍተው ሱቅ አርማ ይፈልጋል፤ እሷን እንዲያሠራ ልነግረው አስቤ ነበር።

በፖስታ ይሰጥ ባይ፦
ይህማ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሠራችበትን ታገኛለች እንጂ እርዳታ አትቀበልም።

የቀድሞ የሰው ሀብት ሠራተኛ፦
ወንድምዎ እሷ ባትሆንም አርማውን በሌላ ሰው የሚያሠራ ከሆነ፣ በገበያው ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ የማስረከቢያ ቀን የሚቆርጥና ካልወደደው «ይህ አልሆነም፣ እንደገና ይሠራ» ለማለት የሚደፍር ከሆነ ይንገሩት። ለእሷ ሲሉ የፈጠሩት ሥራ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «በጣም ያምራል» ሲላት ታውቀዋለች።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ እንኳን ለሌላ ሰው ለእኔም እንቢ ማለት አይችልም። እሱን ነው የምፈራው።