ዋናዬን እየበላሁ ነው መሰለኝ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። አንዱን በ1,000 ብር አምጥቼ፣ 25 በመቶ ጨምሬ በ1,250 እሰጣለሁ። ባለፈው 40ውን ጨርሼ 50,000 ብር ገባልኝ። ሩቡ ትርፌ ነው ብዬ 12,500 ለቤት አወጣሁ። አከፋፋዩ ዋጋ አልጨመረም፤ በቀረኝ 37,500 ግን 37 ብቻ ጭኜ ተመለስኩ።

የእህቴ ልጅ ካልኩሌተሩን ነካክቶ «250 ከ1,250 ላይ እኮ 20 በመቶ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። 30 በመቶ ጨምሬ በ1,300 ሞከርኩ፤ ከዚያ ላይ 25 በመቶ ሳነሳ 975 ይቀራል፣ አሁንም ከመግዣው 25 ብር ጎደለ። ኪራዩን ገና አልነካሁትም።

1,000ው ሳይነካ ከሽያጩ 25 በመቶ እንዲተርፈኝ በመግዣው ላይ ስንት በመቶ ልጨምር?