የጎረቤቴን ታፔላ ከቪዲዮዬ አውጣልኝ

ሰላም ወንድሜ፣

ደብረ ማርቆስ ጋቢና ጥበብ የምሸጠው ደንበኛህ ነኝ። የሠራህልኝን የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ትናንት ማታ ለባለቤቴ ሳሳያት «የማንን ሱቅ ነው የምታስተዋውቀው?» አለችኝ። ለካ ከ12ኛው እስከ 17ኛው ሰከንድ የጎረቤቴ ቀይ ታፔላ ከነስልክ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱም ጋቢ ሻጭ ነው!

በስልኬ ላደበዝዘው ሞከርኩ። ካሜራው ሲዞር ማደብዘዣው ባለበት ቀረ፣ ታፔላው ሾልኮ ወጣ። ጠርዙን ልቁረጠው ብል ደግሞ የእኔ ስም ግማሹ አብሮ ሄደ።

እባክህ አጠገቡ ያለውን ባዶ ግድግዳ ወስደህ ሸፍንልኝ፤ ሽፋኑ ከካሜራው ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ። የሚያስቸግርህ 15ኛው ሰከንድ ይመስለኛል፤ ባጃጅ በታፔላው ፊት ታልፋለች። ሽፋኑ ባጃጇን እንዳይበላት። እምቢ ካለህ እነዚያን አምስት ሰከንዶች የጋቢውን ጥለት በቅርብ በሚያሳየው ምስል ተካቸው፣ ድምፁን ግን አትንካው።

ዋናውን ቅጂ በቴሌግራም እንደ ፋይል ልኬልሃለሁ፤ እንደ ቪዲዮ ስልከው ጥራቱ ወርዶ ነበር። ለፋሲካ ገበያ ድረስልኝ፣ ሂሳቡንም ንገረኝ።