በደቂቃ 45 ሳንቲም የሚለው ትራንስክሪፕሽን፣ በሰዓት ስንት ነው?

ሳምሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ትራንስክሪፕሽን ጀምሬ ነበር። እንግሊዝኛ ቅጂ እየሰማሁ እጽፋለሁ። ክፍያው በደቂቃ 45 ሳንቲም ሲሉኝ በሰዓት 27 ዶላር ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ፋይል የሁለት ሰዎች ቃለ መጠይቅ ነው፣ 30 ደቂቃ። 4 ሰዓት ፈጀብኝ፤ ዋጋው ግን 13 ዶላር ከ50 ብቻ! ዛሬ ደግሞ "ትክክለኛነቱ ከ98 በመቶ በታች ነው" ተብሎ ተመለሰልኝ። ቀርፋፋዋ እኔ ነኝ ወይስ ሥራው ነው?

ናቲ፦ ችግርሽ ታይፒንግ ነው። እኔ በደቂቃ 80 ቃል እመታለሁ። የእግር ፔዳል ግዢና ፍጥነትሽን እጥፍ አድርጊ፤ ሰዓትሽ በግማሽ ይቀንሳል።

እትዬ ጽጌ፦ የኔ ልጅ፣ እኔ በስልክ ሳስተረጉም የሚከፈለኝ በሰዓት ነው። አንቺን በደቂቃ የሚከፍሉሽ ለምንድን ነው? እንዳያታልሉሽ።

ሳምሪ፦ እትዬ፣ ትርጉም አይደለም። የሰማሁትን በዚያው ቋንቋ ነው የምጽፈው።

ደረጀ፦ ሳምሪ፣ ቀርፋፋ አይደለሽም። ደቂቃ የተባለው የቅጂው ደቂቃ ነው፣ ያንቺ የሥራ ደቂቃ አይደለም። እዚህ ላይ ያልተሸወደ ጀማሪ አላየሁም። ለ30 ደቂቃ 4 ሰዓት ማለት ስምንት እጥፍ ነው፤ ለመጀመሪያ ፋይል የተለመደ ነው። እኔ ዓመታት ሠርቼ ጥርት ያለ ድምፅ ላይ አራት እጥፍ ይወስድብኛል። አንቺም እዚያ ብትደርሺ 2 ሰዓት ነው። በዚህ ዋጋ በሰዓት 7 ዶላር እንኳን አይሞላም። አሁን ያለሽበት 3 ዶላር ከምናምን ነው።

ናቲ፣ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ሰው በደቂቃ 150 ቃል ያህል ያወራል ብንል ፋይሉ 4,500 ቃል ይሆናል። በ40 ቃል ፍጥነት መምታቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ በ80 ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። ስለዚህ የምታተርፈው አንድ ሰዓት ነው፣ ግማሹን አይደለም። የቀረው ጊዜ ወደ ኋላ እየመለሱ መስማት፣ የሰውና የቦታ ስም መፈለግ፣ እንደገና ማረም ነው። እሱን ጣት አያፈጥነውም።

ናቲ፦ ፔዳሉ ግን መመለሱን ያፈጥናል፣ ጋሼ። እጄ ከኪቦርዱ አይነሳም።

ደረጀ፦ ልክ ነህ፣ እሱ ይጠቅማል። ግን የመጀመሪያ ወሯ ላይ ገንዘብ አታውጣበት። የኪቦርድ አቋራጭ ይበቃታል።

ሳምሪ፣ 98 በመቶ የሚለው ለጋስ ይመስላል። በ4,500 ቃል 90 ስህተት ማለት ነው፤ 99 ሲሉ 45። ግን ሁሉም ስህተት እኩል አይታይም። የተመለሰው ፋይል ላይ ምን ምን አስምረውበታል?

ሳምሪ፦ ሁለት ቦታ "ካንት" የሚለውን "ካን" ብዬዋለሁ። "ፊፍቲን"ን "ፊፍቲ" አድርጌያለሁ። መሃል ላይ ተናጋሪዎቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። የቀረው እ... እ... የሚሉትን ሁሉ መጻፌ ነው። የሰማሁትን ጻፊ አላሉኝም እንዴ?

ደረጀ፦ ያዘዙሽ የጸዳውን ዓይነት ይሆናል። በዚያኛው እ... እ... እና መንተባተብ ይወጣል፤ የሰውየው ቃል ግን አይነካም። መመሪያውን ድጋሚ አንብቢ። "ካን" እና "ካንት" ግን ትርጉም ይገለብጣሉ፣ አራሚውም መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

እኔ ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጌ ያልገባኝን [inaudible 00:12:34] ብዬ እያለፍኩ እሄዳለሁ፤ እዚያ ላይ አሥር ጊዜ እየመለሱ መቆየት ነው ሰዓት የሚበላው። ሁለተኛው ላይ ያመለጠኝን እሞላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያው ስም በኋላ ጥርት ብሎ ይነሳል። ሦስተኛው ላይ በመደበኛ ፍጥነት ያለማቋረጥ እየሰማሁ አነባለሁ። አንቺ ይኼን የመጨረሻውን ሳትዘይው አልቀረሽም።

ሳምሪ፦ ዘለልኩት። ሌሊት 8 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የማስረከቢያው 24 ሰዓት ሊያልቅብኝ ነበር።

ደረጀ፦ ሰዓቱ የሚቆጥረው ፋይሉን ከወሰድሽበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ማታ የምትሠሪ ከሆነ ጠዋት አትውሰጂ። ከመውሰድሽ በፊትም መሃሉንና መጨረሻውን ስሚው። ብዙ ፋይል መጀመሪያው ጥርት ያለ ሆኖ መሃሉ ላይ አራት ሰው ባንዴ ይጮህበታል። ለአስቸኳይ ጭማሪ አለ ሲሉሽም አትቸኩዪ። እርማቱን በነፃ ነው የምትሠሪው።

ሄለን፦ እኔ ስድስት ወር ሞክሬ ተውኩት። ጀርባዬ ተጎዳ፣ ትርፉም አላየሁትም።

ናቲ፦ ቀጥታ ደንበኛ ካገኘሽ ግን በደቂቃ ከዶላር በላይ ይከፍላል። ጋሼ፣ አይደለም?

ደረጀ፦ አዎ፣ የፍርድ ቤትና የሕክምና ቅጂ ላይ በተለይ። ግን እነሱ የሙያውን ቃል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።

ሄለን፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። አማርኛ ፋይል ቢመጣ ስህተቱ በምን ይቆጠራል? "ሠራ" እና "ሰራ" አንድ ቃል ናቸው ወይስ አንዱ ስህተት ነው?

ደረጀ፦ እኔ አንድ ጊዜ በዚህ ተቀጥቻለሁ። አሁን ፋይል ሳልነካ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አንዱ አራሚ እንዳለ ይቀበላል፣ ሌላው ቀይ ያደርገዋል።

ሳምሪ፦ እሺ፣ ዛሬ ማታ ሦስተኛውን ዙር ሰምቼ ልመልሰው። ከዚያ 10 ደቂቃ ያልሞላ አንድ ፋይል ሰዓት ይዤ እሠራለሁ። ወደ ስድስት እጥፍ ካልወረደልኝ ከሄለን ጋር ነኝ።