የመስሚያ መሣሪያ በሌለበት የሕፃናት የመስማት ምርመራ ምን ይጠቅማል? (ክርክር)

ጠያቂ፦ ነርስ የሆነች እህቴ «በክትባት ቀን የሕፃናት ሁሉ መስማት ይመርመር» ትላለች። እኔ ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ «ልጃችሁ አይሰማም» ብሎ መንገር ጭንቀት ከመጨመር በቀር ምን ይፈይዳል እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፦ እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ለመሆኑ ለዚህ ማሽን ምን ያደርጋል? ከኋላው ሆነህ ታጨበጭባለህ፤ ከደነገጠ ይሰማል፣ አለቀ።

የመስማት ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ቤተሰብ ያታለለው ይኸው ጭብጨባ ነው። ሕፃኑ የእጅህን ጥላ ያያል፣ ነፋሱም ፊቱን ይነካዋል። በር ሲጋጭ አልጋው ይርገበገባል። ደግሞ ሁሉም ድምፅ የሚጠፋባቸው ልጆች ጥቂት ናቸው። ወፍራሙን ድምፅ ሰምቶ ቀጭኑን የማይሰማ ልጅ ሲጠሩት ይዞራል፤ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ግን አይደርሱትም። ቤተሰቡ ይሰማል ብሎ ይተኛል፤ ልጁ ቃላቱን ግማሽ ግማሹን እየቀመሰ ያድጋል።

በማሽኑ ግን ልጁ እንደተኛ ለስላሳ ጫፍ ያላት ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ትገባለች። ድምፅ ትልካለች፤ ጤነኛ የውስጥ ጆሮ በጣም ደካማ ድምፅ ይመልሳል፣ እሱን ትመዘግባለች። ካላለቀሰ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሜሪላንድ እናት፦ እዚህ ከሆስፒታል ሳንወጣ ነው የሚመረምሩት። የእኔዋ በተወለደች ማግሥት አላለፈችም። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። በኋላ ሲደገም በሁለቱም ጆሮ አለፈች፤ ያኔ ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ ነበር አሉኝ። ስለዚህ ጠያቂው ጭንቀት ያለው ውሸት አይደለም።

የመስማት ባለሙያ፦ ልክ ነሽ። በመጀመሪያው ቀን የጆሮ ቀዳዳ ከማህፀን በመጣ ፈሳሽና ነጭ ቅባት ሊደፈን ይችላል። እኛ አገር እናቶች ቶሎ ስለሚወጡ፣ ብዙዎችም ቤታቸው ስለሚወልዱ፣ እኔ የምመርጠው የ6ኛ ሳምንቱን ክትባት ነው። በውጭው አገር የተለመደው ምርመራው በ1 ወር፣ ማረጋገጫው በ3 ወር፣ እርዳታው በ6 ወር እንዲሆን ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ቢያልፈንም ሌሎቹ ይደረስባቸዋል።

አክስት፦ የእህቴ ልጅ እስከ 3 ዓመቱ ምንም አላለም፤ አሁን የሚያቆመው የለም። ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አትቸኩሉ።

አዋላጅ ነርስ፦ እትዬ፣ እሱ ይሰማ ነበር። የማይሰማም ልጅ እኮ መጀመሪያ ላይ «አጉ» ይላል። አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ሲወለድ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ ደሙ ተቀይሮለታል። በ4 ወሩ ስለሚያጉተመትም ሁሉም ደስ ብሎታል። በ9 ወሩ የእኩዮቹ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» አልመጣም፤ ያ «አጉ»ም እየጠፋ ሄደ። ሲወስዱት በዚያች ትንሽ መሣሪያ አለፈ! እኛም ተመልሰን ግራ ተጋባን።

የመስማት ባለሙያ፦ እሱ የመሣሪያዋ ድክመት ነው። የምትለካው የውስጥ ጆሮውን እንጂ ነርቩን አይደለም። ከባድ ቢጫነት የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነርቩን ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ ድምፁ አንጎል ግንድ መድረሱ መታየት አለበት። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቆይተው ለወጡ ሁሉ ይኸኛው ይሻላል።

የሦስት ልጆች አባት፦ ታዲያ እንዲህ ዓይነቶቹን ብቻ ብንመረምርስ? ወጪውም ይቀንሳል።

የመስማት ባለሙያ፦ ግማሹ እውነት ነው፣ መጀመር ካለብን ከእነሱ ነው። ነገር ግን ሲወለዱ ጀምሮ ከማይሰሙት ግማሽ የሚሆኑት ምንም ምልክት የላቸውም፤ ሙሉ ጤነኛ ሆነው ነው ከሆስፒታል የሚወጡት።

የምልክት ቋንቋ መምህር፦ ጥያቄው እኮ «የመስሚያ መሣሪያ ከሌለ ምን ይፈይዳል» ነው፤ ሁላችሁም ሸሻችሁት። የማይሰማ ልጅ የሚያጣው ድምፅ ብቻ አይደለም፣ ቋንቋ ነው። መስማት የተሳናቸው ወላጆች ልጃቸውን ከተወለደ ጀምሮ በምልክት ያወሩታል፤ ልጁም የመጀመሪያ ቃሉን በጊዜው ያወጣል። ግን ከ10 የማይሰሙ ልጆች ከ9 በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እነሱ ምልክት መማር የሚጀምሩት ሲያውቁ ነው። እኔ ጋ በ7 ዓመታቸው የመጡ፣ ከመጠቆም ሌላ ምንም የሌላቸው ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኮሎራዶ የወጣው ጥናት ከ6 ወር በፊት የታወቀላቸው ልጆች በቋንቋ እንደሚበልጡ አሳይቷል፤ በንግግር ያደጉትም፣ ምልክት የተጠቀሙትም።

ጠያቂ፦ ይሄ አሳምኖኛል ማለት ይቻላል። ግን ጎንደር ገጠር ላለች እናት ምልክት ማን ያስተምራታል?

የምልክት ቋንቋ መምህር፦ አሁን? ማንም። ግን ልጁ መኖሩ ሳይታወቅ አስተማሪ የሚመድብም የለም።

አዋላጅ ነርስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የክትባት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሕፃን ያለቅሳል፤ መሣሪያዋ ጫጫታ አትወድም።

የመስማት ባለሙያ፦ ከመርፌው በፊት፣ ጡት ጠብቶ ሲያሸልብ፣ በሩ በሚዘጋ ክፍል። እሱ ይቻላል። ያላለፈውን ልጅ ለድጋሚ ማምጣቱ ነው የሚከብደው፤ ሌላውም አገር ብዙ ቤተሰብ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ በ10ኛ ሳምንት ለሁለተኛው ክትባት ሲመጡ ቢደገምስ?

አዋላጅ ነርስ፦ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ይሆናል። ካርዱን ረስተው የሚመጡትን ግን ምን እናድርግ?