ኮምፒውተሩ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ድረሱልኝ!

ጠመኔ
ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ አልነሳ አለኝ። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ይዞራል፣ ረዘም ያለ ጢጥ እየደጋገመ ያሰማል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ነገ ጠዋት ተማሪዎቹ ሊያዩት ነው፣ እዚህ ገጠር ደግሞ ቴክኒሻን የለም። ምን ላድርግ?

ፈጣኑ
ዊንዶውሱ ተበላሽቷል ወንድሜ። ፎርማት አድርገው።

ላጲስ
ራሙን አውጥተህ በላጲስ ጥረገው። አለቀ።

ታዛቢ
ቆይ፣ መጀመሪያ ለምን ተቀበላችሁት? ሰው ቤቱን ያጣበበውን እቃ እርዳታ ብሎ ይልካል፣ እናንተ ደግሞ ታጨበጭባላችሁ። ተቀባይ ሳይፈትሽ መፈረም የለበትም። ይሄ ነገር በየቦታው…

ጠመኔ
አንደኛ፣ ወንድም አይደለሁም፣ እህት ነኝ። ሁለተኛ፣ ያለን እሱ ብቻ ነው። ፊርማውን ስብሰባ ላይ እናነሳዋለን፣ አሁን ስክሪኑን።

ብሎን ፈቺ
መምህርት፣ ፎርማቱን ይተዉት። ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም። ሃርድ ዲስኩ ጨርሶ ባይኖር እንኳ የመጀመሪያው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መምጣት ነበረበት። እንዲህ ያለ ረጅም ጢጥታ ብዙ ጊዜ የራም ነው፣ ግን ትርጉሙ እንደ ባዮሱ ሠሪ ስለሚለያይ እሱን ብቻ አይመኑ።

ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፣ ውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ። ኬዙን ይክፈቱና ቀለም ያልተቀባ ብረቱን ይንኩ። ራሙ በሁለቱ ጫፍ መቆለፊያ አለው፣ ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጉት ራሙ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብለው ይጥረጉና ፍርፋሪውን ያራግፉ፣ መሰኪያው ውስጥ እንዳይገባ። ሁለት ራም ካለ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ይሰኩ። መቆለፊያዎቹ ቀጭ ብለው ካልተመለሱ ራሙ አልገባም ማለት ነው።

ላጲስ
እኔም ላጲስ ነበር ያልኩት 😂

ሚሚ
የኔ ላፕቶፕ ቻርጅ አይዝም። እሱም ራም ይሆን?

ጠመኔ
መጣ!! አንደኛው ራም ብቻውን ሲሰካ ጢጥታው ጠፋ። ሌላውን ስጨምር ይመለሳል፣ ስለዚህ አውጥቼዋለሁ። አሁን ግን `CMOS checksum error - Defaults loaded` ይላል። F1 ስል የዊንዶውስ ኤክስፒ ምልክት ብልጭ ይልና ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ታች `0x0000007B` የሚል አለ።

ፈጣኑ
አላልኩም? ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። ጣይው።

ብሎን ፈቺ
ቢሞትማ ምልክቱ ከየት መጣ? ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ አብዛኛውን ጊዜ CR2032 ተብሎ ተጽፎባታል። እሷ ስታልቅ ባዮሱ የድሮውን ሴቲንግ ይረሳና ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ይመለሳል። የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚለው ይህንኑ ነው። ያኔ የሃርድ ዲስኩ አሠራር ከ IDE ወደ AHCI ተቀይሮ ይሆናል። ኤክስፒ ደግሞ ለ AHCI የሚሆን ድራይቨር ከራሱ ጋር የለውም፣ ስለዚህ መነሳት ይጀምርና ዲስኩን ሲያጣው 7B ብሎ ይቆማል።

እንደበራ F2 ወይም Del ደጋግመው ይንኩ። ባዮሱ ውስጥ `SATA Mode` ወይም `SATA Operation` የሚለውን ፈልገው ወደ IDE ይቀይሩት፣ ቀኑን ያስተካክሉ፣ ሴቭ አድርገው ይውጡ። ባትሪዋ እስክትቀየር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳዋል። ቮልት መለኪያ ካለዎት አዲስ ባትሪ 3 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ከ2.5 በታች ከወረደ አትረባም።

ታዛቢ
እሺ ተነሳ እንበል። ኤክስፒ እኮ ከ2014 ጀምሮ አፕዴት የለውም። በቀላል ሊኑክስ ብትተኪው ይሻላል።

ብሎን ፈቺ
ኢንተርኔት የሚገባበት ከሆነ ልክ ብለሃል። ለነገ ጠዋት መጻፊያና ማውስ ማለማመጃ ከሆነ ግን ይበቃል። በአንድ ራም ብቻ ሊኑክሱም የሚፈጥን አይመስለኝም፣ መጠኑን አልነገሩንም።

ጠመኔ
ባዮሱ ውስጥ ገባሁ። IDE የሚል ግን የለም። `RAID Autodetect / AHCI` ላይ ነው ያለው፣ ከሥሩ `RAID Autodetect / ATA` አለ። ልቀይረው? የሆነ ነገር ይጠፋል?

ብሎን ፈቺ
ATA ያድርጉት፣ እሱ ነው። ፋይል አይነካም። ካልነሳ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል፣ ከዚያ ሌላ እንፈልጋለን።

ላጲስ
መምህርት፣ ተነሳ?

ሚሚ
የኔን ላፕቶፕ ግን የመለሰልኝ የለም።