«ፕረሚዬ» እና 14 h 30 ግራ አጋቡኝ፤ ቀጠሮ አመለጠኝ

አዲስ ገቢ (ሊዮን)
ሰላም። የሐኪም ቤቷ ጸሐፊ በስልክ በፈረንሳይኛ «ለ ፕረሚዬ ዥዋን፣ ካቶርዝ ኧር ትራንት» አለችኝ። «ፕረሚዬ» ስትል የመጀመሪያው ተረኛ ነህ ያለችኝ መሰለኝ። ቀኑን ያወቅኩት በኋላ ከመጣልኝ መልእክት ነው፤ `1er juin` ይላል። ሰዓቱን «ካትር» ብዬ ሰምቼ በነሱ አራት ተኩል ላይ ስደርስ ሁለት ሰዓት አልፎሃል ተባልኩ። ይሄን ነገር እንዴት ነው የምትይዙት?

ማሚ ጄኔቫ
አይዞህ ወንድሜ። ፕረሚዬ የሚባለው የወሩ አንደኛ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ብቻ ነው የምትለው፤ ሁለተኛው ቀን «ለ ዶ ዥዋን» ይባላል። ሲጻፍም `1er`፣ ከዚያ `2`፣ `3` እያለ ይሄዳል። የወሩ ስም በትንሽ ፊደል ነው የሚጀምረው።

ካሳ
21ኛውና 31ኛውም እንደዚሁ ነው፤ መጨረሻው አንድ ስለሆነ። 14 h 30 ደግሞ «ካቶርዝ ኧር ኤ ደሚ» ማለትም ትችላለህ።

ማሚ ጄኔቫ
ኧረ ካሳ! 21ኛው ቀን «ለ ቫንቴ አን» ነው፤ ፕረሚዬ የለበትም። «ኤ ደሚ» የሚሄደው ደግሞ ከ12 ሰዓቱ አቆጣጠር ጋር ነው፤ «ዶዘር ኤ ደሚ» ትላለህ። ካቶርዝ ካልክ ትራንት ነው። ጆሮህን ግን አደራ፤ ሁለት ሰዓት «ዶዘር»፣ አሥራ ሁለት ሰዓት «ዱዘር» ነው። እኔ እስካሁን «ሚዲ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ እኩለ ቀን ከሆነ አዎ ይሉኛል።

ወደኛ ሰዓት ለመመለስ በ12 በኩል አትዙር። ከ7 እስከ 18 ባለው ላይ 6 ቀንስ። 14 ሲቀነስ 6፣ 8 ነው። ቀጠሮህ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነበር ማለት ነው። ከ19 ጀምሮ 18 ትቀንሳለህ፤ 20 h የኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን 6 ትደምራለህ።

የዲሲዋ
እኔ ደግሞ ፓሪስ ላለችው እህቴ 06/01 ብዬ ጽፌላት ጃንዋሪ 6 መሰላት! እዚህ ወር ይቀድማል፣ እነሱ ጋ ቀን። ወሩን በፊደል ጻፉት ባይ ነኝ።

አዲስ ገቢ (ሊዮን)
6 መቀነሷ ተመቸችኝ፣ ማሚ። አሁን ደግሞ የአውቶቡስ ትኬት ላይ `le 2 juin à 0 h 15` አለ። በ2ኛው ቀን ማታ ነው የምወጣው?

ማሚ ጄኔቫ
የለም፣ በ1ኛው ቀን ማታ ከቤት ውጣ። 0 h 15 ቀኑ 2 ከገባ ሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ።

ካሳ
ሰው በአፉ «ለ 2 ሚንዊ ላይ እንገናኝ» ብሎ እኩለ ሌሊት ቢቀጥርህስ? የ2 መጀመሪያ ነው መጨረሻ?

ማሚ ጄኔቫ
እሱን ፈረንሳዮቹም ይጣሉበታል። እኔ የትኛው ሌሊት እንደሆነ ሳልጠይቅ አልወጣም።