ጥቆማ፦ ለወፍጮ ቤት 15 ኪሎዋት ሞተር፣ አይኢ1 ወይስ አይኢ3?

ባለወፍጮ (ደብረ ብርሃን)፦ የወፍጮዬ ሞተር ተቃጠለ። መርካቶ ሁለት አዲስ ባለ 15 ኪሎዋት አየሁ፤ አንዱ ቅልጥፍናው ዝቅ ያለው አይኢ1፣ ሌላው ከፍ ያለው አይኢ3። አይኢ3 በ35,000 ብር ይወደዳል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ያህል እሠራለሁ። ብሩን ይመልሳል?

ሳሚ፦ አይኢ3 ግዛ፣ አያከራክርም። ሁለቱም ከመስመር 15 ኪሎዋት ይስባሉ። ጥሩው ግን 92 በመቶውን ለወፍጮው ያደርሳል። ቢልህ ያው ነው፤ ዱቄቱ ነው ቶሎ የሚወጣው።

ጋሽ ታዬ፦ ሳሚ፣ ስሌቱን ገለበጥከው። ታርጋው ላይ ያለው 15 ኪሎዋት ሞተሩ በዘንጉ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ከመስመር የሚስበው ከዚያ ይበልጣል፤ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ባለ 4 ፖል በ50 ኸርዝ ከሆነ አይኢ1 ከሚስበው 88.7 በመቶውን፣ አይኢ3 ደግሞ 92.1 በመቶውን ለዘንጉ ያደርሳል።

15 ÷ 0.887 = 16.91
15 ÷ 0.921 = 16.29

ልዩነቱ 0.62 ኪሎዋት ነው። በዓመት 2,400 ሰዓት ሲባዛ 1,488 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ታሪፉን ከራስህ ቢል አንብበህ አባዛ። ለምሳሌ 6 ብር ብንይዝ 8,928 ብር ነው፤ 35,000ው በ4 ዓመት ገደማ ይመለሳል። ይህ ግን ሞተሩ 8ቱንም ሰዓት ሙሉ ጭነት ከያዘ ነው። ያለፈው ወር ቢልህ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይላል?

የመቂው፦ እኔ የመስኖ ፓምፔን ሞተር በጥሩው ቀየርኩ፤ ቢሌ ግን ጨመረ። አትሸወዱ።

ጋሽ ታዬ፦ የአንተ ነገር ሌላ ነው። ጥሩ ሞተር ትንሽ ፈጠን ብሎ ይዞራል። አሮጌው በደቂቃ 1,440፣ አዲሱ 1,465 ቢዞር፣ ፓምፑ 5 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ውሃውም ይጨምርልሃል። በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ ፑሊውን አስተካክል።

ባለወፍጮ፦ ቢሉ 2,100 ይላል፣ ለ25 ቀን። ቆጣሪው ላይ ከወፍጮው ሌላ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው።

ጋሽ ታዬ፦ 2,100 ለ200 ሰዓት ሲካፈል በአማካይ 10.5 ኪሎዋት ነው። ወይ ወረፋ ሲጠፋ ሞተሩን ባዶውን ታዞረዋለህ፣ ወይ ለወፍጮህ ትልቅ ነው። በዚህ አማካይ ቁጠባው በዓመት ወደ 5,600 ብር ይወርዳል፤ ለመመለስ ከ6 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ማጥፋት ከሞተር ምርጫው የበለጠ ሊያተርፍህ ይችላል። ግን በየደቂቃው አታስነሳው፤ ሲነሳ የሚስበው ከፍተኛ ጅረት ጥቅልሉን ያሞቀዋል።

ሂሩት፦ ማስጠቅለልስ? በጣም ይረክሳል እኮ።

ጋሽ ታዬ፦ ጠቅላዩ አሮጌውን ሽቦ በምን እንደሚያወጣው እይ። እሳት ለኩሶ ካቃጠለው የብረቱ ቅጠሎች መሃል ያለው ሽፋን ይጎዳል። ከዚያ ሞተሩ ባዶውን ሲዞርም ይግላል፤ ኪሳራው በየወሩ ቢልህ ላይ ይወጣል።

ባለወፍጮ፦ 11 ኪሎዋት አይኢ3 ብገዛስ? በቆሎ ሲበዛ ሞተሩ ያጓራ ነበር።

ሳሚ፦ ካጓራ 15ቱን አትልቀቅ።

ጋሽ ታዬ፦ በቆሎ እየፈጨ የሚስበውን ሳይለኩ 11 ግዛ አልልም።